ለትምህርት ቤት ቪዲዮ ማጀቢያ ሙዚቃ፦ «ነጻ» ከሚለው ቃል ጀርባ ያለው ፈቃድ

በአንድ የተቀረጸ ሙዚቃ ላይ ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ። አንደኛው የዜማውና የግጥሙ ደራሲ መብት ነው። ሁለተኛው ሙዚቃውን የተጫወቱትና ቀርጸው ያሳተሙት ሰዎች በድምፅ ቅጂው ላይ ያላቸው መብት ነው። ሁለቱ የሚቆዩበት ዘመን ስለሚለያይ አንዱ ቢያበቃ ሌላው ሊቀጥል ይችላል። ቤትሆቨን በ1827 ስለሞተ ሲምፎኒዎቹን ማንም ሰው በነጻ ሊጫወት ይችላል። አንድ ኦርኬስትራ ከአሥር ዓመት በፊት ያስቀረጸው ሲምፎኒ ግን የኦርኬስትራው ወይም የአሳታሚው ንብረት ነው። ተማሪዎች «ክላሲካል ስለሆነ ነጻ ነው» ብለው ከኢንተርኔት ያወረዱት ቅጂ በኋላ የባለመብት ጥያቄ የሚያስነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሞት በኋላ ያለው ዘመን 70 ዓመት ነው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ድምፁ የቆየ ስለሚመስል ብዙ ሰው የማንም አይደለም ብሎ ይገምታል። እማሆይ ያረፉት ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት 2023 ነው። በአገራችን ሕግ የድርሰቶቻቸው ጥበቃ ገና ግማሽ ምዕተ ዓመት ይቀረዋል፣ በአውሮፓ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የሙዚቃ ዕድሜ በድምፁ ሳይሆን በደራሲው የሞት ዓመትና በቅጂው ዓመት ነው የሚለካው።

ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት «ለማስተማር ከሆነ ይፈቀዳል» የሚለውን ነው። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት አለ። አዋጁ የታተመ ሥራን ወይም የድምፅ ቅጂን ለማስተማር ዓላማ በተመጣጠነ መጠን ማባዛትን ይፈቅዳል፤ ምንጩና የደራሲው ስም በተቻለ መጠን እንዲጠቀስም ይጠይቃል። ስለ ሙዚቃ ታሪክ የሚያስተምር መምህር ለክፍሉ አንድ ዘፈን ቢያሰማ ማንም አይከሰውም። ነገሩ የሚለወጠው ያው ዘፈን ለወላጆች ቀን በተሠራ ቪዲዮ ሥር ማጀቢያ ሆኖ ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ነው። ዘፈኑ እዚያ የሚማሩበት ርእሰ ጉዳይ አይደለም፣ ጌጥ ነው። ታዳሚውም ክፍሉ ሳይሆን ዓለም ሁሉ ነው። የማስተማር ፈቃድ እስከዚያ ድረስ አይዘረጋም።

በተማሪዎች ዘንድ የተለመዱ ሌሎች ሁለት መከላከያዎች ደግሞ ከነጭራሹ መሠረት የላቸውም። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ይፈቀዳል የሚል ሕግ የለም። ከቪዲዮው ሥር «የቅጂ መብት የመጣስ ሐሳብ የለንም» ብሎ መጻፍም ፈቃድ አይሆንም፤ እንዲያውም ጫኚው የሰው ንብረት መሆኑን እያወቀ እንደተጠቀመ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ከቴሌግራም የሙዚቃ ቻናል የወረደ ዘፈንም ፋይሉ በነጻ ስለተገኘ ብቻ ፈቃድ አያስከትልም። በስልክ ላይ ቪዲዮ በሚያቀናብሩ መተግበሪያዎች ውስጥ የሚገኙ ዘፈኖችም ቢሆኑ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። መተግበሪያው ከባለመብቶች ጋር የተዋዋለው ለተወሰነ አጠቃቀም ሊሆን ይችላል። በቲክቶክ ላይ የተፈቀደ ዘፈን በትምህርት ቤቱ የዩቲዩብ ቻናል ላይም ተፈቅዷል ማለት አይደለም።

ሕጋዊ የሆነው ሙዚቃ «ነጻ» በሚለው አንድ ስም ቢጠራም በውስጡ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነገር አለ። የመጀመሪያው ምንም መብት የማይጠየቅበት ነው፦ ወይ ዘመኑ ያለፈበት፣ ወይ ባለቤቱ መብቱን በይፋ የተወው። መብትን የመተዉ ምልክት CC0 ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ መብቱን ይዞ፣ በተወሰነ ሁኔታ ማንም እንዲጠቀምበት አስቀድሞ የፈቀደው ነው፤ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ከዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው ሮያሊቲ ፍሪ የሚባለው ነው። ይህ ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ሮያሊቲ ፍሪ ማለት ሙዚቃው በተሰማ ቁጥር ለባለቤቱ ክፍያ አይፈጸምም ማለት ነው እንጂ መጀመሪያውንም አይከፈልበትም ማለት አይደለም። አብዛኞቹ የሮያሊቲ ፍሪ መደብሮች አንድ ጊዜ ወይም በየወሩ ያስከፍላሉ። በነጻ የሚሰጡትም የራሳቸውን ውል አያይዘው ነው።

ክሪኤቲቭ ኮመንስ የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች ያወጣው በ2002 ሲሆን አሁን የሚሠራበት 4.0 እትም የወጣው በ2013 ነው። ፈቃዶቹ ስድስት ናቸው፤ የሚታወቁትም በምሕጻረ ቃላቸው ነው። BY ማለት የባለቤቱን ስም ጥቀስ ማለት ነው፤ በስድስቱም ውስጥ አለ። NC ለንግድ አትጠቀምበት፣ SA ከዚህ የሠራኸውን በዚሁ ፈቃድ አውጣ፣ ND ለውጠህ አታሠራጭ ማለት ናቸው። ለጽሑፍና ለፎቶግራፍ ይህን ማወቅ ሊበቃ ይችላል። ለቪዲዮ ግን አይበቃም።

ምክንያቱ በፈቃዱ ሙሉ ጽሑፍ ውስጥ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። 4.0 ፈቃድ ሙዚቃ ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር በጊዜ ተገጣጥሞ ሲቀናበር ውጤቱ ምንጊዜም የተለወጠ ሥራ ተደርጎ እንደሚቆጠር በግልጽ ይደነግጋል። ተማሪው ሙዚቃውን አልቆረጠም፣ አላሳጠረም፣ ድምፁን አልነካም ይሆናል። ከምስሉ ሥር ማስገባቱ ብቻ ግን ለውጥ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ND ያለበትን ሙዚቃ ማጀቢያ ያደረገ ቪዲዮ ማሠራጨት ፈጽሞ አይፈቀድም። SA ያለበት ከሆነ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ቪዲዮውን በሙሉ በዚያው ፈቃድ መልቀቅ አለበት፤ ያኔ ማንም ሰው ቪዲዮውን ወስዶ ሊቆርጠው፣ ሊቀጥለውና መልሶ ሊያሳትመው ይችላል። የልጆች ፊት ያለበትን ቪዲዮ በዚህ መንገድ ለመልቀቅ የሚስማማ ወላጅ ጥቂት ነው። ስለ ፈቃዶች ከሚሰጡ መግለጫዎች ብዙዎቹ ይህን ነጥብ ዘልለው ያልፋሉ፤ ለቪዲዮ ሠሪ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

NC ላይ ያለው ጥያቄ ከዚህ ይለያል። ፈቃዱ የሚከለክለው በዋናነት ለንግድ ጥቅም ወይም ለገንዘብ ክፍያ የታለመ አጠቃቀምን ነው። የተማሪዎች የክበብ ሥራ ይህን መስፈርት ያልፋል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። የግል ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ቪዲዮ ወዶት በነሐሴ ለአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ማስታወቂያ ሲያደርገው፣ ያው ቪዲዮ ያለ አንዳች ለውጥ ከተፈቀደው ወደ ተከለከለው ይሻገራል። ቪዲዮው ወደፊት ምን ላይ እንደሚውል እርግጠኛ ካልሆኑ NCን ከመጀመሪያው መተው ይሻላል።

እንግዲህ ለትምህርት ቤት ቪዲዮ የሚመቹት CC0፣ CC BY እና ውሉ ተነብቦ የተረጋገጠ የድረ ገጽ ፈቃድ ናቸው። ፍለጋው ከዩቲዩብ የራሱ ቤተ ሙዚቃ ቢጀምር ቀላል ነው። በኮምፒውተር studio.youtube.com ተከፍቶ በግራ በኩል Audio library የሚለው ሲጫን ዝርዝሩ ይመጣል። በማጣሪያው Attribution not required ሲመረጥ ስም መጥቀስ የማያስፈልጋቸው ብቻ ይቀራሉ። የሌሎቹ የፈቃድ ዓይነት በ CC ምልክት ይታያል፤ ምልክቱን ሲጫኑት መገልበጥ ያለበት ጽሑፍ ይወጣል። ዩቲዩብ ከባለመብት ጥያቄ ነጻ ናቸው ብሎ የሚያረጋግጠው በዚህ ቤተ ሙዚቃ ያሉትን ብቻ ነው። «ነጻ ሙዚቃ» የሚል ስም ያላቸው ቻናሎች ዩቲዩብ ላይ ስላሉ ብቻ ይህ ዋስትና አይደርሳቸውም።

ከዚያ ውጭ incompetech.com አለ። አሜሪካዊው አቀናባሪ ኬቨን ማክላውድ የራሱን ሥራዎች በCC BY የሚያቀርብበት ነው፤ ደራሲውም ቀራጩም አንድ ሰው ስለሆነ የሁለቱ መብት ጥያቄ እዚህ በአንድ ፈቃድ ይዘጋል። ፍሪ ሚውዚክ አርካይቭ በ2009 የተከፈተ ሰፊ ስብስብ ነው፤ እያንዳንዱ ሙዚቃ የራሱ ፈቃድ አለው፣ ND እና NC ያለባቸውም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ድረ ገጹን ማመን አይበቃም፣ የሙዚቃው ገጽ መነበብ አለበት። ፒክሳቤይ ደግሞ ክሪኤቲቭ ኮመንስን ሳይሆን የራሱን ፈቃድ ይጠቀማል። ስም መጥቀስን አያስገድድም፤ ግን ከሙዚቃዎቹ አንዳንዶቹ በዩቲዩብ የመለያ ሥርዓት የተመዘገቡ ስለሆኑ ሕጋዊ ተጠቃሚም ጥያቄ ሊመጣበት ይችላል።

የድረ ገጽ የራሱ ውል ሲነበብ ከላይ በትልቁ የተጻፈውን ማጠቃለያ ሳይሆን ሙሉውን ጽሑፍ መክፈት ነው። በመጀመሪያ ፈቃዱ ለማን እንደተሰጠ ይታያል፦ ለግለሰብ ነው ወይስ ለድርጅት? የተማሪው የግል መለያ ያወረደው ሙዚቃ በትምህርት ቤቱ ቻናል ላይ እንዲወጣ ውሉ ላይፈቅድ ይችላል። ቀጥሎ የት የት እንደሚፈቀድ ይነበባል። አንዳንዱ ውል ኢንተርኔትን ይፈቅዳል፣ ቴሌቪዥንን ግን አይጨምርም፤ የተማሪዎችን ሥራ የአካባቢው ጣቢያ ሊያሳየው ሲጠይቅ ነው ይህ የሚታወሰው። በወርሃዊ ክፍያ የተገኘ ከሆነ ክፍያው ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን መፈለግ ያስፈልጋል። የታወቁት አገልግሎቶች ክፍያው ባለበት ጊዜ የታተመው ቪዲዮ እንደተጠበቀ እንዲቆይ ያደርጋሉ፤ አዲስ ቪዲዮ ግን በድሮው ፋይል መሥራት አይቻልም። በመጨረሻም ሁሉም ማለት ይቻላል ሙዚቃውን ከቪዲዮው ነጥሎ ማከፋፈልን ይከለክላሉ። መምህር ለክፍሉ የቴሌግራም ቡድን የሙዚቃ ፋይሎቹን «ተጠቀሙባቸው» ብሎ ሲልክ ይህን ይጥሳል፤ መላክ ያለበት ማያያዣውን ነው።

ነገሩን በአንድ ሥራ ላይ ማየት ይቻላል። በአዲስ አበባ ያለ የአንድ ግል ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ከጣሪያ ላይ የዝናብ ውኃ ስለ ማጠራቀም የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ሠርቷል እንበል። ቪዲዮው በወላጆች ቀን ይታያል፣ ከዚያ በትምህርት ቤቱ የዩቲዩብ ቻናልና በቴሌግራም ይለቀቃል። ትምህርት ቤቱ በኋላ ለማስታወቂያ ሊፈልገው እንደሚችልም ክበቡ ያውቃል። ስለዚህ NC፣ ND እና SA ያላቸው በሙሉ ገና ሳይደመጡ ይወጣሉ። ከማዳመጥ በፊት በፈቃድ ማጥራት ጊዜ ይቆጥባል፤ ሰው አንድን ዜማ ከወደደ በኋላ ፈቃዱን የሚያነበው ሰበብ እየፈለገ ነውና። በቪዲዮው ላይ ተራኪ ስላለ ግጥም ያለው ሙዚቃ አይመረጥም፤ ቃል ከቃል ጋር ይጋጫል።

ተማሪዎቹ incompetech ላይ Carefree የሚባለውን ቀለል ያለ ሙዚቃ መረጡ። በገጹ ላይ ፈቃዱ CC BY 4.0 እንደሆነ አዩ። ፋይሉን ባወረዱበት ዕለት የሙዚቃውን ገጽ ፈቃዱ እንደሚታይ አድርገው ፎቶ አነሱ፤ ቀኑንና የገጹን አድራሻ ጨምረው ከቪዲዮው ፋይሎች ጋር አስቀመጡ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ ለወሰደው ሰው አይሻርም። ነገር ግን ባለቤቱ ነገ ገጹን ቢያነሳ ወይም ለሌሎች ፈቃዱን ቢለውጥ ፈቃዱ እንደነበረ ማሳየት የተጠቃሚው ፈንታ ነው። ከዚያ አቀናባሪው ራሱ በሚጠይቀው መልክ ይህን ጻፉ፦

```
"Carefree" Kevin MacLeod (incompetech.com)
Licensed under Creative Commons: By Attribution 4.0 License
http://creativecommons.org/licenses/by/4.0/
```

በዚህ ውስጥ የሥራው ርእስ፣ የባለቤቱ ስም፣ የተገኘበት ቦታና የፈቃዱ ስም ከማያያዣው ጋር አሉ። ተማሪዎቹ ሙዚቃውን ለማሳጠር ስለ ቆረጡት «ለዚህ ቪዲዮ አጥሯል» የሚል አንድ መስመር ጨመሩ፤ 4.0 ፈቃድ ለውጥ ከተደረገ እንዲገለጽ ይጠይቃልና። ዩቲዩብ ላይ ይህ ጽሑፍ በቪዲዮው መግለጫ ውስጥ ቢቀመጥ ይበቃል። ቴሌግራም ላይ ግን ቪዲዮው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ መግለጫው ሊቀር ስለሚችል፣ በቪዲዮው መጨረሻ ለጥቂት ሰከንድ በሚነበብ መጠን ተጻፈ። ፈቃዱ የሚጠይቀው ተገቢ በሆነ መንገድ እንዲጠቀስ ነው፤ ማንም ሊያነበው በማይችል ደቃቅ ፊደል መጻፍ አልጻፈም ከማለት አይለይም።

ስም መጥቀሱ የተረሳ እንደሆነ ፈቃዱ ወዲያው ይቋረጣል። ሆኖም 4.0 እትም መመለሻ አበጅቷል፦ ጥሰቱ ከታወቀ በ30 ቀን ውስጥ ከተስተካከለ ፈቃዱ በራሱ ይመለሳል። ስለዚህ የድሮ የትምህርት ቤት ቪዲዮዎችን መለስ ብሎ አይቶ የጎደለውን መሙላት ትርጉም ያለው ሥራ ነው።

ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ሲጫን Checks የሚለው ደረጃ ሙዚቃውን በመለያ ሥርዓቱ ካለው መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ይህ እስኪያበቃ ቪዲዮውን ለሕዝብ አለመክፈት ጥሩ ነው። የሚመጣው ምላሽ ሁለት ዓይነት ስለሆነ መለየት ያስፈልጋል። የባለመብት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ቻናሉን አይቀጣም፤ ከቪዲዮው የሚገኘው የማስታወቂያ ገንዘብ ለባለመብቱ ይሄዳል፣ ወይም ቪዲዮው በአንዳንድ አገሮች ወይም በሁሉም ይታገዳል። የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ ግን ባለመብቱ በሕጋዊ ማመልከቻ ቪዲዮውን ሲያስነሳ የሚሰጥ ነው፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከሆኑ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል።

ፈቃድ ባለው ሙዚቃ ላይም ጥያቄ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ሌላ ሰው ያንኑ ነጻ ሙዚቃ በራሱ ሥራ ውስጥ አስገብቶ ሁሉንም የራሱ አስመስሎ ሲያስመዘግብ ነው። ማሽኑ ማን ፈቃድ እንዳለው አያውቅም፣ ድምፅ ብቻ ያመሳክራል። በዚህ ጊዜ ቪዲዮውን ደንግጦ ማጥፋት አያስፈልግም። በስቱዲዮው ገጽ የጥያቄው ዝርዝር ተከፍቶ Dispute ሲመረጥ ከምክንያቶቹ መካከል ፈቃድ አለኝ የሚለው አለ። እዚያ የሙዚቃው ገጽ ማያያዣ፣ የፈቃዱ ስምና የወረደበት ቀን በአጭሩ ይጻፋል። ጠያቂው መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው፤ ካልመለሰ ጥያቄው ይወድቃል። ተቀማጭ ማስረጃ የሌለው ሰው ግን እዚህ ላይ ባይከራከር ይሻለዋል፤ ክርክሩ ከተካረረ ጠያቂው ቪዲዮውን በማስጠንቀቂያ ሊያስነሳ ይችላልና። ያኔ ዘፈኑን በዩቲዩብ ማስተካከያ መቀየር ወይም ድምፁን ማጥፋት ቀላሉ መውጫ ነው።

ሌላም ምንጭ አለ፣ ትምህርት ቤቶች ግን እምብዛም አይጠቀሙበትም። ክራር ወይም ዋሽንት የሚጫወት ተማሪ ደራሲው የማይታወቅ የቆየ ሕዝባዊ ዜማ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በስልክ ቢቀርጽ፣ የቅጂው መብት የራሱ ነው። ትዝታና ባቲ ቅኝቶች እንጂ የማንም ድርሰት አይደሉም፤ በቅኝቱ አዲስ ዜማ መፍጠርም ይቻላል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የታወቀ አቀናባሪ ያቀናበረውን ኖታ በኖታ ላለመድገም ነው፤ ቅንብሩ የራሱ ጥበቃ አለውና። ተማሪውና ወላጁ ትምህርት ቤቱ ቅጂውን የት የት እንዲጠቀምበት እንደፈቀዱ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ፈርመው ቢሰጡ፣ ሙሉ ፈቃዱ ያ ነው። ከእነዚህ መንገዶች በአንዱም ግልጽ ፈቃድ ያልተገኘለት ሙዚቃ ካለ፣ ቪዲዮው በተራኪው ድምፅ ብቻ ቢወጣ ይመረጣል።